`(Blank)` የሚለውን ከሌጀንድ ከማጥፋታችሁ በፊት

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ከፓወር ቢአይ ጋር የምትታገሉ ወጣቶች አዘውትራችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ጋሼ፣ ሌጀንዱ ላይ `(Blank)` የሚል መጣብኝ። ኃላፊው ምንድነው ይህ ይለኛል። እንዴት ላጥፋው?»

ማጥፋቱ ቀላል ነው። ከማጣሪያው ላይ ምልክቱን አንስቶ መገላገል ይቻላል። ችግሩ አብሮት የሚጠፋው ነገር ነው። ያ ቀለም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ ከስሩ ኩንታል አለ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ግራፍ ብቻ ላጫውታችሁ። ቁጥሮቹና የመጋዘን ድልድሉ ለልምምድ ያበጀኋቸው ናቸው። የወረዳዎቹ ስም ግን የምናውቀው ነው።

የማዳበሪያ እደላ እንበል። ሁለት ሠንጠረዥ አላችሁ። አንዱ «እደላ» ይባላል። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሞዴል 22 ነው፤ ቀን፣ የወረዳ ስምና ኩንታል አለው። ሁለተኛው «ወረዳ» ይባላል። እዚያ እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ ከጎኑም የሚያቀርብለት መጋዘን ይቀመጣል፤ ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት ወይም ዓለም ከተማ። ሁለቱ በወረዳ ስም ይገናኛሉ። ግራፉ ላይ ኩንታሉን በወር ደርድራችሁ ሌጀንዱ ላይ መጋዘንን አደረጋችሁ።

ጠቅላላው 12,000 ኩንታል ነው። ደብረ ብርሃን 5,100፣ ሸዋ ሮቢት 2,900፣ ዓለም ከተማ 2,150። የቀረው 1,850 `(Blank)` ተብሎ መጣ።

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው «ወረዳ» ሠንጠረዥን ከፍቶ ባዶ ረድፍ መፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ አያገኝም፤ ከዚያ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ይላል። አልተበላሸም። በአንድ ለብዙ ግንኙነት «እደላ» ውስጥ ያለ ስም «ወረዳ» ውስጥ አቻ ካጣ፣ ፓወር ቢአይ በራሱ አንድ የማይታይ ባዶ ረድፍ «ወረዳ» ላይ ይጨምራል። አቻ ያጣ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ሠንጠረዡን ስትከፍቱ ይህ ረድፍ አይታይም። ሪፖርቱ ላይ፣ ግራፍና ማጣሪያ ውስጥ ነው ብቅ የሚለው። ኩንታሉ ከጠቅላላው እንዳይጎድል የተደረገ ነገር ስለሆነ እኔ በበኩሌ እወደዋለሁ።

ጣጣው ሌሎች ባዶዎችም እዚሁ ቀለም ውስጥ መግባታቸው ነው። ወረዳው በትክክል ተመዝግቦ መጋዘኑ ያልተሞላለት ከሆነ እሱም `(Blank)` ነው። ሞዴል 22 ላይ ወረዳው ጭራሽ ያልተጻፈ ከሆነ እሱም `(Blank)` ነው። ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች አንድ ስምና አንድ ቀለም ለብሰው ይመጣሉ። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ለዩዋቸው። በዚያው ገጽ ላይ አንድ ተራ ሠንጠረዥ ጨምሩ። መጋዘን `(Blank)` የሆነውን ብቻ እንዲያሳይ አጣሩት። ከዚያ የወረዳውን ስምና ኩንታሉን አስገቡ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ስሙ መምጣት ያለበት ከ«እደላ» እንጂ ከ«ወረዳ» አይደለም። ከ«ወረዳ» ካመጣችሁት አቻ ያጣው ሁሉ መልሶ ባዶ ሆኖ ይታያችኋል፤ ምንም አታውቁም። ከ«እደላ» ስታመጡት ግን ሰነዱ ላይ የተጻፈው እንዳለ ይወጣል። በእኛ ምሳሌ ይህ ወጣ እንበል፦ አንፆኪያ ገምዛ 900፣ ጣርማበር 300፣ መንዝ ቀያ ገብርኤል 400፣ ስም የሌለው 250። ድምሩ 1,850።

አሁን ነገሩ ግልጽ ነው። «ወረዳ» ሠንጠረዥ ላይ ያለው አንጾኪያ ገምዛ ነው፣ በጸሎቱ ጸ። ሰነዱን የጻፈው ሰው በፀሐዩ ፀ ጻፈው። ለእኔና ለእናንተ አንድ ወረዳ ነው። ለኮምፒውተር ግን ጾ እና ፆ እንደ በ እና ገ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጣርማበርም እንዲሁ፤ አንዱ ጋ ጣርማ በር ተብሎ ክፍተት አለው፣ ሌላው ጋ ተገጥሟል። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ማስተማሪያዎች ላይ ይህን አታገኙትም፣ የእኛው ጉድ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ያሉበት ስም ሁሉ እንዲህ ሊከፈል ይችላል።

አንዳንዶቻችሁ ወዲያው ፓወር ኩዌሪ ገብታችሁ እንዲህ ትጽፋላችሁ፦

```
Text.Replace(Text.Trim([ወረዳ]), "ፀ", "ጸ")
```

ይህ አንጾኪያን አያስተካክልም። ስሙ ውስጥ ያለው ፆ ነው እንጂ ፀ አይደለም። ሰባቱም የፊደሉ ቅርጾች ለየብቻ መተካት አለባቸው። `Text.Trim` ደግሞ ዳርና ዳር ያለውን ክፍተት ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ጣርማ በር መሃል ያለውን አይነካም።

እኔ የምመክረው ሌላ ትንሽ ሠንጠረዥ ነው። ሁለት ዓምድ ብቻ ይኑረው፤ በግራ ሰነዱ ላይ እንደተጻፈው፣ በቀኝ ትክክለኛው ስም። አንፆኪያ ገምዛ ሲመጣ አንጾኪያ ገምዛ፣ ጣርማበር ሲመጣ ጣርማ በር። ፓወር ኩዌሪ ላይ ከ«እደላ» ጋር አገናኙት፤ በግራ የተገኘው ስም በቀኙ ይተካ፣ ያልተገኘው እንዳለ ይቆይ። ሰው የሚያነበው ነገር ስለሆነ ነገ እናንተ ብትዛወሩ እንኳ ተተኪው ይረዳዋል። ከሁሉ የሚሻለው ሰነዱ ሲጻፍ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ወረዳ መለያ ቁጥር መስጠትና ሠንጠረዦቹን በቁጥሩ ማገናኘት ነው። ያ ግን በእናንተ እጅ ላይሆን ይችላል።

መንዝ ቀያ ገብርኤል የተለየ ነው። ስሙ ተገናኝቷል። «ወረዳ» ላይ የመጋዘኑ ሴል ነው ባዶ የቀረው። ይህን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣችሁ አትፈቱትም። ስልክ አንሱና የወረዳውን የግብዓት ባለሙያ ጠይቁ። «ከየት ነው የምትጭኑት?» በሉት። ደብረ ብርሃን ካላችሁ ያንን ሙሉ። ጎረቤት ወረዳን አይቶ መገመት አይፈቀድም፤ ግምት ከተሞላ በኋላ ከእውነቱ የሚለየው ነገር የለም።

በዚህ ቦታ ላይ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ባዶውን ሴል ሞልታችሁ ግራፉን ስታድሱ `(Blank)` አሁንም አለ። አትደንግጡ። 400ው ወጥቷል፣ አቻ ያጡት ግን ገና አሉ። ቁጥሩን እንጂ ቀለሙን አትዩ። ለዚህ አንድ መለኪያ ሠርታችሁ ካርድ ላይ አስቀምጡት፦

```
ባዶ ኩንታል =
CALCULATE(
    SUM('እደላ'[ኩንታል]),
    ISBLANK('ወረዳ'[መጋዘን])
)
```

መጀመሪያ 1,850 ይላል። መጋዘኑ ሲሞላ 1,450። ስሞቹ ሲስተካከሉ 250።

የቀረው 250 ወረዳ ያልተጻፈበት ነው። ለዚህ «ወረዳ» ሠንጠረዥ ላይ አንድ እውነተኛ ረድፍ ጨምሩ፤ ስሙም መጋዘኑም «ወረዳ ያልተጻፈበት» ይሁን። ከዚያ ፓወር ኩዌሪ ላይ «እደላ» ውስጥ ባዶ የሆነውን በዚህ ስም ተኩ። ከኤክሴል የመጣ ባዶ ሴል `null` ነው። ከሲኤስቪ ፋይል የመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ `""` ነው፤ ምንም ፊደል የሌለው ጽሑፍ ማለት ነው። `null`ን ብቻ ከተካችሁ ሁለተኛው ያመልጣችኋል። ሁለቱንም ተኩ።

ስሙን «ሌላ» እንዳትሉት አደራ። «ሌላ» ሲባል አንባቢው አራተኛ መጋዘን ያለ ይመስለዋል። ቀለሙን ግራጫ አድርጉት፣ ከሌጀንዱ መጨረሻ አስቀምጡት። ነጭ አድርጎ መሸሸግ ግን ያው ማጥፋት ነው።

በእኛ ምሳሌ አንጾኪያ ገምዛ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ጣርማ በርና መንዝ ቀያ ገብርኤል ወደ ደብረ ብርሃን ገቡ። አሁን ግራፉ ደብረ ብርሃን 5,800፣ ሸዋ ሮቢት 3,800፣ ዓለም ከተማ 2,150፣ ወረዳ ያልተጻፈበት 250 ይላል። ድምሩ 12,000። መጀመሪያውኑ `(Blank)`ን አጥፍታችሁት ቢሆን ኖሮስ? ጠቅላላው 10,150 ይሆን ነበር። የደብረ ብርሃን ድርሻ 50.2 በመቶ ሆኖ «ከግማሽ በላይ» ተብሎ ሪፖርት ይወጣ ነበር። እውነቱ 48.3 ነው። ሸዋ ሮቢት 28.6 በመቶ ይባል ነበር፤ እውነቱ 31.7 ነው። በዚህ ቁጥር ነው እንግዲህ ለሚቀጥለው ዓመት መኪና የሚመደበው። አንጾኪያ ገምዛ ማዳበሪያውን ወስዶ፣ ገበሬው ዘርቶበት፣ ወረቀት ላይ ግን ያልወሰደ ይሆናል።

ማጥፋት የሚፈቀድበት ጊዜ የለም አልልም። መለኪያው መጨረሻ ላይ `+ 0` ሲጨመር ምንም የሌላቸው ምድቦች ሁሉ ዜሮ ይዘው ይመጣሉ፤ `(Blank)`ም አብሮ ሊመጣ ይችላል። ኩንታሉ ዜሮ ከሆነና `COUNTROWS` ስታደርጉም ከስሩ ምንም ረድፍ ከሌለ አጥፉት፣ የሚጎዳ የለም። ኩንታሉ ዜሮ ሆኖ ረድፍ ካለ ግን ኩንታሉ ያልተሞላ ሞዴል 22 አለ ማለት ነውና እሱን ፈልጉ።

ከሁሉ የማስፈራው ግን `(Blank)` ሲመጣ ሳይሆን ሳይመጣ ሲቀር ነው። አንድ ሰው «ወረዳ» ሠንጠረዥ ላይ አንድን ወረዳ በስህተት ሁለቴ ይጽፋል። ሲያድስ ስህተት ይመጣበታል። እሱን ለመገላገል ግንኙነቱን ወደ ብዙ ለብዙ ይቀይረዋል። እንዲህ ባለ ግንኙነት ፓወር ቢአይ ያንን የማይታይ ረድፍ አይጨምርም። በእኛ ምሳሌ ምንም ሳይስተካከል ይህ ቢደረግ አቻ ያጣው 1,200ና ስም የሌለው 250 ከግራፉ ይወጣሉ። ሌጀንዱ ላይ የሚቀረው የመንዝ ቀያ ገብርኤል 400 ብቻ ነው። እሱንም ስትሞሉት ሌጀንዱ ንጹሕ ይሆናል። ጠቅላላ ኩንታሉን ብቻ የሚያሳይ ሌላ ካርድ ብታስቀምጡ ግን አሁንም 12,000 ይላል፣ የግራፉ ዓምዶች ሲደመሩ 10,550።

ስለዚህ ይህን የጠቅላላ ካርድ ከግራፉ አጠገብ አስቀምጡ፤ ሁለቱን በየጊዜው አስተያዩ። ፓወር ኩዌሪ ላይ ደግሞ `Merge Queries` ከፍታችሁ «እደላ»ን ከ«ወረዳ» ጋር በ`Left Anti` አገናኙ። «እደላ» ውስጥ ኖሮ «ወረዳ» ውስጥ የሌለውን ስም ብቻ ይሰጣችኋል። ይህን አንድ ገጽ ላይ አኑሩት። አዲስ ሰነድ በገባ ቁጥር ባዶ ከሆነ ደህና ነው። ስም ከወጣበት ወደ ስም ማስተካከያው ሠንጠረዥ ጨምሩት።

ያ ወረዳ ያልተጻፈበት 250ም እንዲሁ አይቀመጥም። የሰነዱን ቁጥር አውጥታችሁ መጋዘን ጠባቂው ጋ ያለውን የሞዴል 22 ጥራዝ አስገልጡ። የተቀባዩ ፊርማና ማህተም ላይ ወረዳው የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የተገኘውን አስተካክሉ። ያልተገኘው ግራጫውን እንደያዘ ይቆይ፤ ከግራፉ ስርም «ወረዳው ሰነዱ ላይ አልተጻፈም» ብላችሁ ኩንታሉን ጻፉ።