ለቆየ ጓደኛ የልደት መልእክት፦ ቀልድ ወይስ የልብ ቃል?

«እዚሁ ባሕር ዳር አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ 40 ዓመት ሊሞላው ነው። ስንቀላለድ ነው የኖርነው፤ ዘንድሮ ግን አባቱን አጥቷል። ልቀልድ ወይስ የልቤን ልጻፍለት?»

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ሁለቱንም ጻፍለት፤ ቀልዱ ግን አጭር ሆኖ ይቅደም፣ የልብህ ቃል ይከተለው። ስለ ኀዘኑ ጽፈህ በቀልድ ከዘጋኸው፣ በተናገርከው ቁም ነገር አፍረህ የሸሸህ ይመስላል።

በዕድሜውና በሽበቱ አትቀልድ፤ አባቱን በቅርቡ ለቀበረ ሰው የዕድሜ ቀልድ ሞትን ያስታውሰዋል። ይልቅ ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁትን ነገር አንሣ። ለምሳሌ እንዲህ ልትለው ትችላለህ፦

«ወደ ዘጌ ስንሄድ ጀልባው ገና ከወደቡ ሳይርቅ "ደረስን ወይ?" እያልክ ነጂውን ያስመረርከው ሰውዬ፣ እንኳን ለ40ኛ ዓመትህ አደረሰህ! በአባትህ ለቅሶ የራስህን ኀዘን ውጠህ እናትህን ስታጽናና አይቼሃለሁ፤ ያን ዕለት ጓደኛዬ በመሆንህ ኮርቻለሁ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ልብ የሚነካው በዓይንህ ያየኸውን ስለሚናገር ነው፤ «ምርጥ ጓደኛ ነህ» ብቻ ብትለው ግን ለማንም ሊላክ የሚችል ቃል ይሆናል።

መልእክቱን በግል ላክለት እንጂ በጋራ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፈው፤ በሰው ፊት ሲሆን እሱም ስሜቱን ደብቆ በቀልድ ለመመለስ ይገደዳል። የአባቱ አርባ ገና ካልወጣ ደግሞ የዘጌውን ቀልድ ለሌላ ጊዜ አቆየውና ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ላክለት።