«እናቴን በክር ታሳንሻታለሽ?»

ጥያቄ፦ ያሳደገችኝ አያቴ ከሞተች አንድ ወር ሊሆናት ነው። በቀብሯ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ታታሪ» እያለ ይቀጥላል፤ የማንም አያት ሊሆን ይችላል። ለአርባዋ እንደገና እንድጽፈው ቤተሰቡ ለእኔ ሰጠኝ። አያቴ በሂርማታ ገበያ በርበሬና ሽሮ ትሸጥ ነበር፤ ዱቤውን ክር ላይ እየቋጠረች ነበር የምትይዘው። አንድ ሐሙስ ከገበያ ገብተን ሳይከፈላት አንዱን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችና «ሩብ ኪሎ ሽሮ ለስድስት ሰው ሲገዛ አየሁት» አለችኝ። ይህን ልጽፍ ነው ስለው አጎቴ «እናቴን በክር ታሳንሻታለሽ?» ብሎ ተቆጣ። ምን ላድርግ? (ከጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አጎትሽ የፈሩት ክሩን አይመስለኝም። በሕዝብ ፊት የሚነበብ ጽሑፍ ለእሳቸው የክብር ልብስ ነው፤ አንቺ ደግሞ የቤት ቀሚስ ይዘሽ የመጣሽ መሰላቸው። ስለዚህ ልብሱን አታስወልቂ። የትውልድ ቦታቸው፣ ጋብቻቸው፣ የልጆቻቸው ቁጥር፣ ያረፉበት ቀን በተለመደው ቋንቋና በአንቱታ ይቆዩ። የምትቀይሪው መሐሉን፣ ቅጽሎቹ የተደረደሩበትን ብቻ ነው።

«ደግ» የሚለው ቃል ፍርድ ነው። አንቺ አይተሽ ፈርደሻል፤ ሰሚው ግን ያየሽውን ስላላየ በእምነት ብቻ ይቀበልሻል። እያንዳንዱን ቅጽል ይዘሽ «ምን ሲያደርጉ አይቼ ነው እንዲህ ያልኩት?» ብለሽ ጠይቂ። መጀመሪያ የሚመጣልሽ «ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጉ ነበር» የሚል ይሆናል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ትዝታው አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ጥቅል ይሆንበታል፤ አንዲት ቀን ነጥሎ ማውጣት ይከብደዋል። ያን ጊዜ ከዕቃ ተነሺ፦ በርጩማቸው፣ ጀበናቸው፣ ሚዛናቸው። «ሁልጊዜ» የነበረው «አንድ ቀን» ሲሆን ትዕይንቱ ተገኘ ማለት ነው።

የክሩ ነገር እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«እማዬ ዱቤ የምትይዘው በጥቁር ክር ነበር፤ ለእያንዳንዱ ባለዕዳ አንድ ቋጠሮ። አንድ የክረምት ሐሙስ ከሂርማታ ገብተን፣ እርጥብ ነጠላዋን ሳታወልቅ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና ክሩን አወጣች። አንዱን ቋጠሮ በጥርሷ ነክሳ ፈታችው። ‹ከፈለሽ እንዴ?› አልኳት። ‹ሩብ ኪሎ ሽሮ ለስድስት ሰው ሲገዛ አየሁት› አለችና ክሩን ጠቅልላ አስቀመጠችው።»

ክረምቱን፣ እርጥቡን ነጠላና የክሩን ቀለም እኔ ነኝ የጨመርኩት። ያልነበረ ከሆነ አውጪው፤ ተዝካሩ ላይ ያንን ክር በእጃቸው የነኩ ሰዎች ይቀመጣሉ፤ አንድ የተፈጠረ ዝርዝር ሲሰሙ የቀረውንም ይጠረጥራሉ። የባለዕዳውን ስምና ሰፈር ግን እውነት ቢሆንም አትጻፊ፤ ሰውየው ድንኳኑ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ከ«አስቀመጠችው» በኋላ ምንም የለም። እዚያ ላይ «ይህም ደግነቷን ያሳያል» ብለሽ ብትጨምሪ ሰሚው ራሱ የደረሰበትን ከእጁ ትነጥቂዋለሽ። ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ብልሽት ጸሐፊው የትዕይንቱ ጀግና ሲሆን ነው፤ አንቺ እዚያ ያለሽው ለመጠየቅ ብቻ ነው።

አንቱታው እንዳያደናግርሽ። «ወይዘሮ እገሌ ተወለዱ» ካልሽ በኋላ ድንገት «ነክሳ ፈታችው» ስትይ ጆሮ ይሻክራል። በመሐል «እኔ እማዬ ነበር የምላት» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አስገቢ፤ ከዚያ በኋላ የልጅነት አንደበትሽ ለማንም ድፍረት አይመስልም።

ሦስት ትዕይንት ይበቃል፤ ሰባት ከሆነ እንደገና ዝርዝር ነው። አንዱ የአጎትሽ ይሁን። «እናትህ እንዴት ያለች ሴት ነበረች?» ብለሽ አትጠይቂያቸው፤ «ደግ» ብለው ይመልሱልሻል። «ትምህርት ቤት የወሰደችህ ቀን በእጇ ምን ይዛ ነበር?» በይና ዝም በይ። ዝምታው ቢረዝምም አትሙዪው። የሚነግሩሽን በራሳቸው ቃል ጻፊና አንብቢላቸው፤ «ታታሪ» የሚለው ቃል እንዲቀር ከፈለጉ ከዚያ ትዕይንት አጠገብ አንድ ጊዜ ይግባ፤ አይጎዳም።

ከአርባው በፊት ጮክ ብለሽ ሁለት ሦስት ጊዜ አንብቢው። ድምፅሽ የሚሰበርበትን ቦታ ያኔ ታገኚዋለሽ። ያንን ትዕይንት መጀመሪያም መጨረሻም ላይ አታድርጊው፤ መሐል ይግባ። ወረቀቱን በትልልቅ ፊደል ጽፈሽ ሁለተኛ ቅጂውን ለአጎትሽ ስጪ፤ ከተቋረጠብሽ እሳቸው ከቆምሽበት መስመር ይቀጥላሉ።