የሙክቱ ጥላ ከሌሎቹ በጎች ጥላ ጋር ይስማማል?

ጥያቄ፦ «ከመንዝ በግ የሚሸጥልኝ ሰው በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። መሃል ያለው ሙክት የተለጠፈ ይመስለኛል፤ በምን ላረጋግጥ?»

መልስ፦ ከጥላው ጀምር። የቀንዱ ጥላ ከሚያልቅበት ጫፍ እስከ ራሱ ቀንድ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። ለሌሎች ሁለት በጎችም እንዲሁ አድርግ። ፀሐይ አንድ ስለሆነች መስመሮቹ ሲረዝሙ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ ፀሐይ በትክክል ከጎን ከሆነች ደግሞ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የሙክቱ ብቻ ካፈነገጠ ተለጥፏል።

ጥላው የወደቀበትን አቅጣጫ ብቻ አይተህ ግን አትፍረድ፤ የመንዝ መሬት ተዳፋት ስላለው እውነተኛ ጥላም ይጣመማል።

ቀጥሎ አጉልተህ የሙክቱን ጠጉር ጠርዝ እይ። የሌሎቹ ከሣሩ ጋር ሲደባለቅ የእሱ በመቀስ የተቆረጠ ከመሰለ ጥርጣሬህ ልክ ነው። እግሩ ሥር ያው ራሱን ድንጋይ ሁለት ቦታ ካየህም ሣሩ ለመሸፈኛ ተቀድቷል።

ቴሌግራም ፎቶን ስለሚጨምቅ ካሜራው ፎቶው ላይ የሚተዋቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይጠፋሉ። ሙክቱ ላይ ያሉት ከዙሪያው ጋር መመሳሰላቸውን ለማየት ሻጩ ዋናውን ፎቶ በ File ይላክልህ።