በአንድ ካሜራ የተቀረጸ ቃለ መጠይቅ ሲቆረጥ የሚታየውን ዝላይ መሸፈን

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር የደንገል ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት በአንድ ካሜራ ቀርጬ 20 ደቂቃውን ወደ 4 ደቂቃ አወረድኩት። የተቀረጸው በፎርኬ ነው፣ ታይምላይኑ 1080፣ የምሠራው በዳቪንቺ ሪዞልቭ። በቆረጥኩበት ቦታ ሁሉ ጭንቅላታቸው ይዘላል። ዙም ባደርግ ባሰበት። ቢ-ሮል ያለኝ ስድስት ክሊፕ ብቻ ነው። ምን ይሻለኛል?»

ስድስቱን ክሊፖች ለጊዜው ከታይምላይኑ አውርዳቸው፤ ያስገባኸውንም ዙም ሁሉ ወደ 1.00 መልሰው። ሥራው የሚጀምረው ከድምፁ ነው። ድምፁ ላይ የተሰበረ ቁርጥ በላዩ ምንም ዓይነት ምስል ብትጭንበት ይሰማል። ንግግሩ ሳይሰበር ከፈሰሰ ግን ብዙው ዝላይ በራሱ ይለዝባል፣ ለስድስቱ ክሊፖችም የሚቀረው ሥራ ትንሽ ይሆናል።

እንግዲህ ስክሪኑን ትተህ አራቱን ደቂቃ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ስማ። በኛ ቋንቋ ዋናው ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ድምፅ የሚወርደው እዚያ ነው። ሰውዬው «ቆርጠን፣ ተሸክመን» እያሉ ሲሄዱ ድምፃቸው እንደተንጠለጠለ ነው፤ እዚያ ላይ ቆርጠህ አዲስ ዓረፍተ ነገር ከገጠምክ አድማጩ ግሡን ሲጠብቅ ሌላ ነገር ይመጣበታል። ምስሉ ባይዘል እንኳ መቆረጡ ይታወቃል። ስለዚህ «እናሰጣዋለን»፣ «እናስረዋለን» ብለው ድምፃቸውን ካወረዱ በኋላ ቁረጥ። መጨረሻ ላይ የሚጨምሩትን «ማለት ነው» ትርፍ ነው ብለህ ከመጣልህ በፊትም አድምጠው፤ ብዙ ጊዜ ድምፁ የሚወርደው እሱ ላይ ነውና ሲወጣ ዓረፍተ ነገሩ አየር ላይ ይቀራል።

ቀጥሎ ዝምታው። ከዚህ በኋላ የምሰጥህ ቁጥር በሰከንድ 25 ፍሬም ለሆነ ታይምላይን ነው። በ30 የቀረጽክ ከሆነ በአንድ አምስተኛ ጨምርበት። በሐሳብ መካከል ለትንፋሽ ያህል የሚቆሙበትን ወደ 6 ወይም 8 ፍሬም፣ በዓረፍተ ነገርና በዓረፍተ ነገር መካከል ያለውን ወደ 12 ወይም 15፣ ርእስ ሲቀየር ደግሞ ወደ 20 ወይም 25 ፍሬም አጥብበው። ሁሉንም እኩል ካደረግከው ሰውዬው የሚያነቡ ይመስላሉ። አንድ ነገር ግን አስተውል፦ ያጠበብከው ዝምታ ሁሉ አዲስ ዝላይ ይወልዳል። ከአንድ ሰከንድ ያነሰውን አትንካው፤ አሥር ፍሬም ለማትረፍ ብለህ የምትሸፍነው ቁርጥ አታብዛ። ከመመለሳቸው በፊት ሐይቁን አየት አድርገው ዝም ካሉም ተወው፤ እያሰቡ ነው፣ ተመልካቹም ያንን ያያል።

ትንፋሽን ከመካከሉ አትቁረጥ። ወይ ሙሉውን አስገባ፣ ወይ ሙሉውን አውጣ። በትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበው «እ» የሚሏትን የአዎንታ ድምፅም እንደ ሳል ቆጥረህ አትጣላት፤ ንግግር ናት። የቃል መነሻ ላይ ደግሞ «ጠ» እና «ቀ» ድንገት ስለሚፈነዱ ከፊታቸው ተጠግተህ ብትቆርጥ ችግር የለውም፤ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ሀ» ግን ቀስ ብለው ስለሚጀምሩ ከፊታቸው ሁለት ፍሬም ተርፎ ይግባ፣ አለዚያ ፊደሉ ይበላል። በየድምፅ ቁርጡ ላይ የ2 ወይም የ3 ፍሬም የድምፅ ማሸጋገሪያ አድርግ። ሪዞልቭ በራሱ የሚሰጥህ የአንድ ሰከንድ ስለሆነ አሳጥረው፤ ካላሳጠርከው ቆርጠህ የጣልከው ቃል ጭራ ከሥሩ ይሰማል።

ሐይቅ ዳር ለተቀረጸ ነገር ሌላም አለ፤ ሞገዱና ነፋሱ። በየቁርጡ የውኃው ድምፅ ከፍ ዝቅ ካለ ጆሮ ዝላዩን ከዓይን ቀድሞ ያውቀዋል። ሰው ሳይናገር ለብቻው የቀዳኸው የሐይቅ ድምፅ ካለ በሌላ ትራክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሥር ዘርጋው። ከሌለህ ከጣልካቸው ረጃጅም ዝምታዎች ለቅመህ አንድ ደቂቃ ያህል ቀጥልና ያንን ዘርጋ። የወፍ ጩኸት ያለበትን ግን አታስገባ፤ ያው ወፍ በየደቂቃው በአንድ ዓይነት ድምፅ ሲጮህ ተመልካች ይነቃበታል። የሞተር ጀልባ ድምፅ ያለበት ክፍል ከሌለበት ጋር ከተገናኘ ሞተሩን አትቁረጠው፤ ከጣልከው ቁራጭ ወስደህ ከሥር አንድ ሁለት ሰከንድ እየደከመ እንዲሄድ አድርግ።

አሁን ወደ ምስሉ እንመለስ። ቁርጦቹን አንድ በአንድ እያየህ ለሁለት ክፈላቸው። በአንደኛው ወገን የሚገቡት ከቁርጡ በፊትም በኋላም ብርሃኑ፣ የእጃቸው ቦታ እና ከጀርባቸው ያለው ነገር አንድ ዓይነት ሆኖ ጭንቅላታቸው ብቻ የተንቀሳቀሰባቸው ናቸው። እነዚህን ዙም ይሸፍናቸዋል። በሌላው ወገን ደመና የሸፈነባቸው፣ ደንገል የያዘው እጅ ድንገት ባዶ የሆነባቸው፣ ወይም ከጀርባ ሲያልፍ የነበረ ታንኳ ብን ብሎ የጠፋባቸው ናቸው። እነዚህን ዙም አያድናቸውም፤ ቢ-ሮሉ የሚያስፈልገው ለነሱ ነው። ስድስት ክሊፕ የሚያንስህ ለዙም የሚበቃውንም በቢ-ሮል ስትሸፍን ነው።

ዙምህ የባሰበት ከሁለት በአንዱ ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛው ማነሱ ነው። 1.05 ወይም 1.08 ሲሆን ዓይን እንደ ሌላ ሾት አይቀበለውም፤ ካሜራው የተነካ ይመስላል። ከ1.20 አታሳንሰው። የተቀረጸው ፎርኬ ስለሆነ 1080 ታይምላይን ላይ እስከ 2.00 ድረስ ጥራቱ አይወርድም፤ ቢሆንም ከ1.35 በላይ አትሂድ፣ ፎከሱ በትንሹም ስቶ ከነበረ እዚያ ላይ ይጋለጣል። በ1080 የተቀረጸ ቢሆን ኖሮ 1.20 ራሱ ጣሪያው ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ዓይናቸው ከቦታው መሸሹ ነው። ሪዞልቭ የሚያሳድገው ከስክሪኑ መሐል ተነሥቶ ስለሆነ ከመሐል ርቆ ያለው ፊት የበለጠ ይርቃል። ተመልካች የሚያየው ዓይናቸውን ነው፤ ዓይናቸው በቁርጡ ላይ ባለበት ከቆየ ዝላዩ ይጠፋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ዓይናቸው ከመሐል የራቀበትን ፒክስል ዙሙ በጨመረው መጠን አባዛና በተቃራኒው አቅጣጫ መልሰው። ለምሳሌ ዓይናቸው ከስክሪኑ አናት 360 ፒክስል ላይ ቢሆን ከመሐሉ 180 ከፍ ብሏል ማለት ነው። ዙሙ 1.20 ከሆነ 180 ሲባዛ በ0.20 ይሆናል 36። ፊታቸው ከመሐል ወደ ግራ 320 ፒክስል ከሆነ ደግሞ 64 ይወጣል። ስለዚህ Inspector ውስጥ እንዲህ ታስገባለህ፦

```
Zoom        1.20
Position X  64
Position Y  -36
```

ይህን አንዴ ካስተካከልክ ኮፒ አድርገህ ዙም በሚያስፈልጋቸው ሌሎች የቃለ መጠይቁ ቁራጮች ላይ በ Paste Attributes ለጥፈው። የተቀመጡበትን ቀይረው ከነበረ ግን እንደገና ለካ። ጥምጥም ወይም ባርኔጣ አድርገው ከሆነም አናቱ እንዳይቆረጥ እይ። መጠኑን በየቁርጡ አንዴ ቀረብ አንዴ ራቅ እያደረግህ አትቀያይረው፣ ዥዋዥዌ ይመስላል። ወሬው ወደ ራሳቸው ሕይወት ሲጠጋ ቅረብ፤ አዲስ ርእስ ሲጀምሩ ወደ 1.00 ተመለስ።

ቢ-ሮሉን ስታስገባ ልክ በቁርጡ ላይ እንዳትጀምረው። ከቁርጡ ከ12 እስከ 20 ፍሬም ቀድሞ ይግባ፣ ከቁርጡ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ይቆይ፣ ወደ ፊታቸው የሚመለሰውም አዲስ ሐረግ ሲጀምር ይሁን። ስትመለስ የመጀመሪያውን ፍሬም እየው፤ ዓይናቸው ተጨፍኖ ከሆነ ሁለት ሦስት ፍሬም ገፋ አድርገው።

አንድ ቦታ እንሥራ። ቁራጮቹ ሦስት ይሁኑ፦ «ደንገሉን ቆርጠን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን ማለት ነው»፣ «ሲደርቅ ይቀላል፣ ከዚያ እናስረዋለን»፣ እና ከብዙ ደቂቃ በኋላ የተናገሩት «ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ አውጥተን ደግሞ እናደርቀዋለን»። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል አራት ሰከንድ ዝምታ አለ፤ ብርሃኑም እጃቸውም አልተለወጠም። ዝምታውን 14 ፍሬም አድርገውና ሁለተኛውን በ1.20 አስገባው፤ ቢ-ሮል አያስፈልገውም። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ግን ደመና መጥቷል፣ እጃቸውም ተነሥቷል። ስለዚህ «እናስረዋለን» የሚለው ቃል ሲጀምር፣ ማለትም ከቁርጡ 20 ፍሬም ገደማ ቀደም ብሎ፣ እጃቸው ደንገሉን ሲያስር የሚያሳየው ክሊፕ ይግባ። ቁርጡ ከሥሩ ያልፋል፣ 14 ፍሬም ዝምታው ያልፋል፣ «ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል» የሚለውም ሁለት ሰከንድ ያህል በዚያው ምስል ላይ ይሰማል። «አውጥተን» ሲሉ ወደ ፊታቸው ተመለስ፣ በ1.00። ክሊፑ በጠቅላላው ሦስት ሰከንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። ያ የእጅ ክሊፕ ሃያ ሰከንድ ርዝመት ካለው ሌላውን ክፍሉን አንድ ደቂቃ ያህል ቆይተህ በ1.40 አቅርበህ ሌላ ቁርጥ ልትሸፍንበት ትችላለህ፤ የእጅ ምስል ከፊት ይልቅ ማቅረብን ይችላል።

ሪዞልቭ ውስጥ ያለውን Smooth Cut ትሞክረው ይሆናል። ግድግዳ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ላይ በአራት በአምስት ፍሬም አንዳንዴ ይሠራል። አንተ ጋ ግን ከጀርባቸው ውኃ አለ፤ በቁርጡ ላይ ሞገዱ እንደ ቀለጠ ቅባት ይዘረጋጋል፣ የጢማቸው ጠርዝም ይደበዝዛል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚተርፍ ቁርጥ ካለህ ተመልሰህ ጥቂት ቅረጽ፤ እሳቸውን እንደገና ማናገር አያስፈልግህም። የታሰረውን ገመድ፣ የተከመረውን ደንገል፣ እግራቸውን ጭቃው ውስጥ፣ ከኋላቸው ሆነህ አፋቸው ሳይታይ ሲሠሩ፤ እያንዳንዱን ካሜራው ሳይንቀሳቀስ አሥር አሥር ሰከንድ። ሰፊ ሾት ከፈለግህ በቃለ መጠይቁ ሰዓት ሂድ። ከባሕር ዳር ዳርቻ ሐይቁን ስትቀርጽ ካሜራህ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው፤ ጠዋት ብርሃኑ ከቀኝህ፣ ከሰዓት በኋላ ከግራህ ይመጣል። ፊታቸው ከቀኝ በርቶ ሳለ ታንኳው ከግራ የበራበት ሰፊ ሾት መካከል ከገባ ቀኑ መለወጡ ያስታውቃል። የቅርብ የእጅ ሾት ግን ሰውዬውን ወደሚመቸው አቅጣጫ ዞር እንዲሉ ብትለምናቸው በማንኛውም ሰዓት ይሆናል።