ውሉ ላይ «ኮንትራክተር» ተብሎ መጻፉ ብቻውን አይወስንም

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሎጅ በወር 15 ሺህ ብር ለግራፊክስና ለቪዲዮ ሥራ ሊያስገባኝ ነው። ከ2፡30 እስከ 11፡30 ፊርማ አለ፣ ኮምፒውተሩ የነሱ ነው። ግን ‹ቅጥር ሳይሆን የአገልግሎት ውል ነው፣ ንግድ ፈቃድ አውጪ› አሉኝ። ይሻለኛል ወይስ ይጎዳኛል?»

እህቴ፣ ሳትፈርሚ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። እኔ የጠየቅሁት ከወጣሁ በኋላ ነው።

ወደ ዘጌ ገዳማት ጀልባ ለሚያስወጣ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ሁለት ዓመት ፎቶና ቪዲዮ ሠርቻለሁ። ውሌ «የአገልግሎት ውል» ይላል። ግን ጠዋት ቢሮ ገብቼ እፈርማለሁ፣ የማነሣው በነሱ ካሜራ ነው፣ የት እንደምሄድና ምን እንደማነሣ በየቀኑ በቴሌግራም ይነገረኛል። በየወሩ 9 ሺህ ብር ይከፈለኛል። ቱሪስት ሲጠፋ በስልክ «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ተባልኩ፤ ወረቀቱን አምኜ መብት የለኝም ብዬ ተቀመጥኩ። እንደኔ ዓይነት ውል የፈረመ የጀልባ አስጎብኚ ጓደኛዬ ግን በአራተኛው ወር ከሰሰ። ድርጅቱ ውሉን ሲያቀርብ እሱ የፊርማ መዝገቡን ፎቶና የቴሌግራም ትእዛዞቹን አቀረበ። ችሎቱ ሠራተኛ ነው አለ፤ የሥራ ስንብት ክፍያም ተወሰነለት። እኔ ያንን ሰምቼ ስሄድ ከወጣሁ ስምንተኛ ወር ሆኖኝ ነበር። ከሥራ ውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለሁለተኛው የዚያ ሲሶ፣ ማለትም 12 ሺህ ብር የሚሆነው ስንብቴ በዚያው ቀረ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሚጠይቀው በማን አመራር ሥር ለደመወዝ እንደምትሠሪ ነው። በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት ለሚሠራ ሰው አዋጁ አይሠራም። የገቢ ግብር አዋጁም ሁለቱን የሚለየው በዚሁ ነው፤ ራሱን የቻለ ተቋራጭ የሚለው ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የመወሰን ሥልጣኑ በአብዛኛው በእጁ የቀረውን ሰው ነው። አንቺ በጻፍሽው ሰዓቱም፣ ቦታውም፣ ዕቃውም የነሱ ነው። እኔ ብጠየቅ ይህ ቅጥር ነው። «በሥራሽ ብዛት እንከፍልሻለን» ቢሉሽም ያ ብቻውን ተቋራጭ አያደርግሽም፤ ቅጥር በሥራ መጠንም ይከፈላል። በተቃራኒው በራስሽ ላፕቶፕ በፈለግሽው ሰዓት ሠርተሽ በወር ስምንት ቪዲዮ ብቻ የምታስረክቢ፣ ቢበላሽ በራስሽ ወጪ የምትደግሚ፣ ለሌላ ሎጅም የምትሠሪ ቢሆን በእርግጥ ተቋራጭ ነሽ።

አሁን ወደ ብሩ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው የደመወዝ ግብር ከ15 ሺህ ላይ 3,200 ብር ይቆረጣል፤ ለጡረታ ካንቺ 7 በመቶ፣ 1,050 ብር፣ ይሄዳል። እጅሽ የሚገባው 10,750 ነው። በነሱ መንገድ 3 በመቶ፣ 450 ብር፣ ተቀንሶ 14,550 ትቀበያለሽ። ሰውን የሚያታልለው ይህ ልዩነት ነው። ያ 450 ቅድመ ግብር ነው እንጂ ግብሩ አላለቀም፤ ሰኔ ሲያልቅ የዓመቱን ገቢሽን አሳውቀሽ ቀሪውን ትከፍያለሽ። ስለዚህ ሲቀንሱብሽ በየጊዜው ደረሰኝ ተቀበይ፤ ያለ ደረሰኝ የተቀነሰውን ከግብርሽ ማካካስ አትችይም። እኔ መጀመሪያ ላይ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ስላልሰጠሁ 30 በመቶ ተቀንሶብኛል።

ለሎጁ የሚተርፍለት ደግሞ ሌላ ነው። ቢቀጥርሽ 11 በመቶ ጡረታ፣ 1,650 ብር፣ ከኪሱ ይጨምር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ከነክፍያው፣ ብትታመሚ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ ብትወልጂ ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ያንቺ ነበር። በአገልግሎት ውል ሳምንት ከተኛሽ የምትሠሪው የለም፣ የሚከፈልሽም የለም።

እኔ ብሆን ለሥራ አስኪያጁ እንዲህ እለዋለሁ፦ «ሰዓት ፊርማውና ኮምፒውተሩ ከቀጠሉ ቅጠሩኝ። አገልግሎት ነው ካላችሁ ፊርማው ይቅር፤ በማስረክበው ሥራ ልክ ዋጋ ልስጣችሁ።» ሁለተኛውን ከመረጡ በ15 ሺህ አትስማሚ። ከ20 ሺህ በታች ካስገቡሽ የጡረታውን፣ የፈቃዱንና የሕመሙን ቀን ወጪ አንቺ ተሸከምሽላቸው ማለት ነው። ደመወዝ የሆነን ክፍያ አገልግሎት ብለው ከከፈሉ፣ ያልቆረጡትን የደመወዝ ግብር ገቢዎች ከነሱ ሊጠይቅ እንደሚችልም በትሕትና አስታውሺያቸው፤ ሒሳብ ሠራተኛቸው ይህን ያውቃል።

ለማንኛውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የፊርማ መዝገቡን በስልክሽ አንሺ፣ የቴሌግራም ትእዛዞቹንም አታጥፊ። የባንክ ዝርዝርሽንም በየወሩ አስወጪ። ጓደኛዬ ያሸነፈው በነዚህ ነው። ነገሩ ከተበላሸም ከወጣሽበት ቀን ስድስት ወር ቁጠሪ፤ ወደ ሥራ መመለስ ከፈለግሽ ደግሞ ያለሽ ሦስት ወር ብቻ ነው።