መልስ፦ የአቅራቢ ኢንቮይስ ከመጣ እስኪከፈል

«አካውንትስ ክለርክ ሆኜ ገና መጀመሬ ነው። የአቅራቢ ኢንቮይስ እስኪከፈል በምን በምን ያልፋል?»

የደረሰበትን ቀን ማህተም ምታበትና መዝግበው። ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። ከግዢ ትዕዛዙና ከዕቃ መረከቢያው ጋር ጎን ለጎን አድርገህ ታመሳክረዋለህ። ለምሳሌ 40 ካርቶን ወረቀት፣ አንዱ በ2,000 ብር ታዘዘ እንበል። ስቶር የተረከበው 36 ነው፤ ኢንቮይሱ ግን የ40ውን ከነቫቱ 92,000 ብር ይጠይቃል። የሚገባው 82,800 ነው። አቅራቢው ምንም ቢጨቀጭቅህ የጎደለውን ዕቃ ዋጋ ከሂሳቡ የሚቀንስ ሰነድ፣ ማለትም ክሬዲት ኖት፣ እስኪያመጣ ክፍያውን ያዘው።

ሲስተካከል ተከፋይ ሂሳብ ላይ ይመዘገባል፣ ቫውቸር ተዘጋጅቶ ይጸድቃል። ከአቅራቢው ክፍያ ተቀንሶ ለመንግሥት የሚገባ ግብር፣ ማለትም ዊዝሆልዲንግ፣ ካለበት የሚሰላው ቫት ሳይጨመር፣ በ36ቱ ካርቶን ዋጋ በ72,000ው ብር ላይ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ተቀናሹ ወጥቶ ቀሪው ለአቅራቢው ይከፈላል።

ገንዘቡ እንደወጣ ሰነዶቹ ላይ «ተከፍሏል» የሚል ማህተም ምታ። አለዚያ ያው ኢንቮይስ ከወር በኋላ በኮፒ ተመልሶ ይመጣልሃል።