መልስ፦ MC እና ሥራ

«የካቲት ውስጥ ድሬዳዋ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ነው የተወለድኩት። የኮከብ ቆጠራ ፕሮግራሙ MC፣ ማለትም ሥራን ያሳያል የሚባለው የሰማይ ነጥብ፣ ሚዛን ላይ ነው ይለኛል። እኔ ግን ጋራዥ ነው የምሠራው፤ ምን አገናኘው?»

ወንድሜ፣ 3:00 ብለህ አስገብተህ ይሆናላ! ፕሮግራሙ ያን ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ነው የሚያነበው። 09:00 በል። MC በየ4 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ገደማ ስለሚሄድ፣ 6 ሰዓት ሦስት ምልክት ያህል ያዛባል፤ ሚዛን የነበረው ጀዲ ላይ ይወድቃል። ቀኑንም ወደ ፈረንጅ ቀይረው።

ከዚያ ኮከብ ቆጣሪ የጀዲን ገዥ ፕላኔት ሳተርንን ይፈልጋል። ሰማዩን ከሚከፍልባቸው 12 ቤቶች 6ኛው ላይ ካገኘው የእጅና የጉልበት ሥራ ይላል፣ 9ኛ ላይ ከሆነ ትምህርት ወይም ሩቅ አገር። 10ኛው ቤት ውስጥ የተቀመጠ ፕላኔት ካለም ያያል። በሳይንስ የተረጋገጠ ነገር ግን አይደለም።

የእኔ እናት «ባቡሩ ሲነፋ ወለድኩህ» ነው የምትለኝ፤ በዚህ ዲግሪ አይቆጠርም።